«85 ብር ይክፈሉ፣ ዕቃዎ ተይዟል» ሲባል የምንሳሳታቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ለልጇ ጫማና መጻሕፍት በፖስታ ልኮላት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ እያለች መልእክት ገባላት። «ዕቃዎ ጉምሩክ ተይዟል። የ85 ብር ቀረጥ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልከፈሉ ለላኪው ይመለሳል» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለው። ቤቷ ሳትደርስ የካርዷን ቁጥር ሞልታ ጨረሰች። ከካርዱ የወጣው ግን 85 ብር ሳይሆን 138 ዶላር ነው። ካርዱ ለፈተና ክፍያ ብላ ያወጣችው የዶላር ካርድ ነበር። ያንን ገንዘብ ስንት ወር እንደለፋችበት ስለማውቅ በጣም ነው ያንገበገበኝ።

ማታ አብረን ቁጭ ብለን መልእክቱን ከላይ እስከ ታች አየነው። የተሳሳተችባቸውን ቦታዎች በየተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ «እኔ እኮ በእርግጥ ዕቃ እየጠበቅኩ ነው» ማለት

እሷን ያሳመናት ይሄ ነው። «እውነተኞቹ ካልሆኑ ዕቃ እንደምጠብቅ በምን አወቁ?» አለችኝ። አጭበርባሪዎቹ አላወቁም። ያው መልእክት ለብዙ ሺህ ስልክ ነው የሚላከው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የተወሰነው በዚያ ሳምንት ከውጭ ዕቃ ይጠብቃል። እነሱም የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው።

መልእክቱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት የማንም ስም የለበትም። ዕቃው ምን እንደሆነ አይናገርም፣ ከየት እንደመጣም አይናገርም። ያለው «ETH-77821» የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። በፖስታ የሚላክ ጥቅል መከታተያ ቁጥር ግን 13 ሆሄ ነው፦ 2 ፊደል፣ 9 አሃዝ፣ ከዚያ የላኪው አገር 2 ፊደል። ከአሜሪካ የተላከ በUS ያልቃል፣ ከቻይና የተላከ በCN። ወንድሟ የሰጣት ደረሰኝ ላይ ያለው በUS የሚያልቅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው ኖሮ ወዲያው ይገባት ነበር። የግል አስመጪና አድራሽ ድርጅቶች የራሳቸው ዓይነት ቁጥር ስላላቸው፣ ዋናው ነገር ላኪው ከሰጣችሁ ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው።

ሁለተኛ፦ ሊንክን ከግራ ማንበብ

ሊንኩ እንዲህ ያለ ነበር። ማንም እንዳይገባበት መጨረሻውን ቀይሬዋለሁ፦

```
https://ethio.post-clear.example/pay
```

የኢትዮጵያ ፖስታ ድረ ገጽ `ethio.post` ነው። የአክስቴ ልጅም መጀመሪያውን አይታ «እነሱ ናቸው» አለች። የአድራሻ ባለቤት ግን የሚታወቀው ከግራ አይደለም። ከ`https://` በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ `/` ፈልጉ። ከዚያ ወደ ግራ ተመለሱና በነጥብ የተያያዙትን የመጨረሻ ሁለት ቃላት አንብቡ። መጨረሻው እንደ `.gov.et` ወይም `.com.et` ከሆነ ሦስት ቃል ቁጠሩ። እዚህ የምናገኘው `post-clear.example` ነው። ይሄ ሌላ ባለቤት ያለው ሌላ ቤት ነው። ፊት ላይ ያለውን `ethio` ማንም ሊለጥፈው ይችላል። `post` የሚለውን ቃልም በሰረዝ ከሌላ ቃል ጋር አጣብቀውታል።

የላኪው ስምም ማረጋገጫ አይሆንም። በመልእክቱ አናት ላይ የሚታየው ስም ሊመሳሰል ይችላል፤ አንዳንዴም ከትክክለኛው ድርጅት መልእክቶች ሥር ተደርድሮ ይመጣል። እኔ እንደዚህ ዓይነት መልእክት ሲመጣብኝ ሊንኩን አልነካውም። አድራሻውን ራሴ ጽፌ ቁጥሩን እከታተላለሁ። ካልሆነም መታወቂያዬንና ቁጥሩን ይዤ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ እጠይቃለሁ። ጅማ ውስጥ ይሄ የአንድ ባጃጅ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፦ «85 ብር ምን አላት» ብሎ ማሰብ

ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቁት ሰው እንዳያመነታ ነው። 85 ብሯን አይፈልጓትም፤ የሚፈልጉት የካርዱን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ጀርባው ላይ ያለውን ባለ 3 አሃዝ ቁጥር ነው።

ደግሞ ቀረጥ እንዲህ አይሰላም። የጉምሩክ ሠራተኛ የዕቃውን ዓይነት ያያል፤ በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ ነው የሚሰላው። ቫት የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ እሱ ብቻ 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ጫማ ይሁን ስልክ ሳይታወቅ፣ ለሁሉም ሰው እኩል የተቆረጠ 85 ብር ቀረጥ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፦ ኮዱን አይቶ መልእክቱን አለማንበብ

ገንዘቡ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ካርዷን ሞልታ ስትልክ ገጹ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ይሽከረከር ጀመር። በዚያች ደቂቃ ወንበዴው ቁጥሯን ወስዶ ሌላ ቦታ፣ እውነተኛ ሱቅ ላይ ዕቃ እየገዛበት ነው። ባንኩም «ካርዱ የእርስዎ ከሆነ ያረጋግጡ» ብሎ ኮድ ላከላት። ገጹ ኮዱን ጠየቃት፤ እሷም አስገባች።

ያንን የባንክ መልእክት አብረን ከፈትነው። ከ6ቱ አሃዞች በፊት «138 ዶላር» የሚል አለ። የማታውቀው ሱቅ ስምም አለ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ዓይኗ ያየው ኮዱን ብቻ ነበር፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይሄንኑ ነው።

የማረጋገጫ ኮድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው መጠኑና የተቀባዩ ስም ነው። የከፈላችሁት 85 ብር ከሆነ እዚያም 85 ብር መባል አለበት። አንዳንዱ ኮድ ጭራሽ ክፍያ አይደለም፤ «ካርድዎን በሌላ ስልክ ላይ ለመመዝገብ» የሚል ነው። እሱን የሰጠ ሰው ካርዱ በማያውቀው ሰው ስልክ ይከፈልበታል።

አምስተኛ፦ «ካርድዎ አልሠራም» ሲሉ ሌላ ካርድ መሞከር

ገጹ ቀጥሎ «ክፍያው አልተሳካም፣ ሌላ ካርድ ይጠቀሙ» አላት። ይሄ ሁለተኛውንም ካርድ ለመውሰድ ነው። ደግነቱ ሌላ አልነበራትም። ካርድ የሌለውን ሰው ደግሞ የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥሩን የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። የሚስጥር ቁጥር በሊንክ በተከፈተ ገጽ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም።

ስድስተኛ፦ የሚስጥር ቁጥር ቀይሮ ተረጋግቶ መተኛት

እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ይሄንን ነው። ኤቲኤም ሄዳ የሚስጥር ቁጥሯን ቀየረች። ለኢንተርኔት ክፍያ ግን ያ ቁጥር አያስፈልግም፤ የተሰረቀው ካርዱ ላይ የታተመው ነው። ካርዱ ራሱ መዘጋት አለበት። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ወዲያው ደውሉ፣ «ካርዴን ዝጉልኝ» በሉ፣ ያላዘዛችሁት ክፍያ እንዳለ አስመዝግቡ፣ በማግስቱም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ቅሬታውን በጽሑፍ አቅርቡ። መልእክቱን አታጥፉት፤ ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱት። ለባንኩም ለፖሊስም ማስረጃው እሱ ነው። ኮዱን ራሳችሁ ካስገባችሁ ባንኩ ገንዘቡን ላይመልስ ይችላል፤ ካርዱን በቶሎ መዝጋት ግን የቀረውን ያድናል።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሰው ደወለላት። «ከባንክ ነው፣ ገንዘብዎን ልንመልስልዎ ነው፣ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ» አላት። ያው ሰዎች ናቸው። ስልኩን ዘጋችውና ራሷ ወደ ባንኩ ደወለች። የጫማው ጥቅል ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ፖስታ ቤት ደረሰ፤ መታወቂያዋን አሳይታ ወሰደች።