ሦስት ጎን ለክተው ካሬው እምቢ ሲል

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ግቢዋን ሴራሚክ ልታስነጥፍ ፈለገች። ግቢው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ግንበኛው ሦስቱንም ጎን በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ለካና ወረቀቱን ሰጠኝ። “አቦ መምህር፣ አንተ ካሬውን አውጣልኝ” አለ። 17.2፣ 20.1 እና 24.5 ሜትር።

መሬቱ ላይ ዛፍም ጉድጓድም ስላለ ከፍታውን ለመለካት አይመችም። ጎኖቹ ግን ሦስቱም አሉ። ለዚህ ነው የጥንቱ የግሪክ ሊቅ የሄሮን ፎርሙላ የሚጠቅመው። ሦስቱን ጎን ደምረው ለሁለት ይካፈሉ፤ ይህን s እንበለው። ከዚያ፦

```
s = (a + b + c) / 2
A = √( s × (s−a) × (s−b) × (s−c) )
```

በአክስቴ ግቢ s 30.9 ነው። ከእሱ ላይ ጎኖቹን አንድ በአንድ ስንቀንስ 13.7፣ 10.8 እና 6.4 ይቀራሉ። አራቱን ማባዛት 29260.57 ይሰጣል። ስኩዌር ሩቱ 171.06፣ ማለትም 171 ካሬ።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው መልሱ የማይመስል ሲሆን ነው። ባለፉት ዓመታት ከተማሪም ከግንበኛም ጋር ያየኋቸው ብልሽቶች እነዚህ ናቸው።

ቁጥሩ በጣም ከብዶ ሲወጣ

መልሱ 29260 ከሆነ ስኩዌር ሩቱ ተረስቷል። ይህ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። መልሱ 2070 ካሬ ከሆነ ደግሞ ድምሩን ለሁለት ማካፈል ተረስቶ 61.8 ራሱ s ሆኖ ገብቷል። ይኼኛው ክፉ ነው፤ ቁጥሩ የመሬት ስፋት ስለሚመስል ሰው አምኖ ይወስደዋል።

የማጣሪያው ዘዴ አጭር ነው። ማንኛውንም ሁለት ጎን አባዝተው ለሁለት ያካፍሉ። የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ከዚያ በፍጹም ሊበልጥ አይችልም። 17.2 በ20.1 ሲባዛና ሲገመስ 172.86 ነው። የእኛ 171 ከሥሩ ነው፤ 2070 ግን አይሆንም። ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበት ማዕዘን ወደ ቀጥታ ማዕዘን በቀረበ ቁጥር መልሱ ወደዚያ ጣሪያ ይጠጋል። የአክስቴ ግቢ ደግሞ በዚያ ጥግ በኩል ለቀጥታ ማዕዘን ትንሽ ነው የቀረው።

በስልክ ወይም በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ፎርሙላውን ከጻፋችሁ በኋላ በ7፣ 8 እና 9 ሞክሩት። መልሱ 26.83 መሆን አለበት። ይህን ምሳሌ የሄሮን መጽሐፍ ራሱ ነው የሚጠቀመው፤ የ720ን ስኩዌር ሩት በእጅ አስልቶ 26 ከ5/6 ብሎ አስቀምጦታል። ካልኩሌተር ለሌለው ዘመን ጥሩ ነው።

```
D2:  =(A2+B2+C2)/2
E2:  =SQRT(D2*(D2-A2)*(D2-B2)*(D2-C2))
```

ካልኩሌተሩ Math ERROR ሲል

ኤክሴል ከሆነ #NUM! ይላል። ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለው ቁጥር ኔጌቲቭ ሆኗል። ይህ የሚሆነው ረጅሙ ጎን ከሁለቱ ድምር ሲበልጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ሦስት ማዕዘን በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ካልኩሌተሩን ትታችሁ ወረቀቱን ተመልከቱ።

እኛም ደርሶብናል። ከአጥሩ ውጭ፣ በአጥሩና በኮብል ስቶኑ መንገድ መሃል፣ እንደ ቢላዋ የቀጠነች ቁራጭ መሬት አለች። አክስቴ እሷንም ሲሚንቶ ማስደረግ ፈለገች። ወረቀቱ ላይ 40.6፣ 23.1 እና 17.2 ተጽፏል። 23.1 እና 17.2 ሲደመሩ 40.3 ናቸው። ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ተጋድመው እንኳ ረጅሙን አይሸፍኑም።

ግንበኛውን ጠራሁት።

“ረጅሙን እንዴት ለካችሁት?”

“ሜትራችን ሠላሳ ስለሆነ ሁለቴ ነው። መጀመሪያ ሠላሳ፣ ከዚያ ልጁ ‘አስር ከስድስት’ አለኝ፣ ጻፍኩት።”

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ልጁ “አስር ከስድስት” ሲል አስር ሜትር ከስድስት ሳንቲ ሜትር ማለቱ ነበር። ያ 10.06 ነው። ወረቀቱ ላይ 10.6 ሆነ። ረጅሙ ጎን 40.06 ነበር ማለት ነው። ይህ ስህተት ከምታስቡት በላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ለኪውና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ሁሉንም በሳንቲ ሜትር ይናገሩ፤ “አንድ ሺህ ስድስት” ሲባል ማንም አይሳሳትም።

ምንም ችግር ሳይታይ መልሱ ሲሳሳት

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የብዙ ሰው ሜትር ጫፉ ተቆርጧል ወይም ቀለሙ ጠፍቷል። ሰው ከ1 ሜትር ላይ ይዞ ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ አንዱን መቀነስ ይረሳል። እንዲህ ከሆነ ሦስቱም ጎኖች አንድ አንድ ሜትር ይጨምራሉ። የአክስቴ ግቢ 18.2፣ 21.1 እና 25.5 ይሆናል። ስሌቱ ያለ አንዳች ቅሬታ 189.4 ካሬ ይላል። ከ18 ካሬ በላይ ሴራሚክ በከንቱ ይገዛል ማለት ነው። ሦስቱም ላይ እኩል ሲጨመር ረጅሙ ጎን ከሁለቱ ድምር በፍጹም አይበልጥም፤ ስለዚህ ካልኩሌተሩ የሚጮህበት ምክንያት የለውም።

ይህን ስሌት አያገኘውም። የሚያገኘው ሜትሩን በሌላ ሜትር መፈተሽ ብቻ ነው። ትንሿን የኪስ ሜትር ዘርግታችሁ ከትልቁ ጋር ጎን ለጎን አነጻጽሩ። አምስት ሜትሯ ትልቁ ላይ ስድስት ካሳየ ጉዳዩ አለቀ።

በነገራችን ላይ፣ ድሬ ላይ ስህተት ሲገኝ “ሙቀቱ ሜትሩን ስቦት ነው” የሚል አይጠፋም። የብረት ሜትር ይለጠጣል፣ እውነት ነው። ግን የ30 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲጨምር የሚለጠጠው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያውም ሦስቱንም ጎን በእኩል ድርሻ ስለሚነካ የመሬቱን ቅርጽ አያበላሽም። ሙቀቱን ተዉት።

ትንሽ ስትነኩት መልሱ ብዙ ሲዘል

ወደ ቀጭኗ መሬት እንመለስ፤ ጎኖቿ አሁን 40.06፣ 23.1 እና 17.2 ናቸው። s 40.18 ነው። ቅናሾቹ 0.12፣ 17.08 እና 22.98። መልሱ 43.5 ካሬ።

ግንበኛው አላመነም፣ ደግሞም ትክክል ነበር። 17.2ን አምስት ሳንቲ ሜትር አሳጥረን 17.15 ስናደርገው 38.7 ካሬ ሆነ። አምስት አስረዝመን 17.25 ስናደርገው 47.8። በአስር ሳንቲ ሜትር ልዩነት ዘጠኝ ካሬ! በትልቁ ግቢ ላይ ይኸንኑ ብናደርግ፣ 17.2ን ወደ 17.25 ብናሳድገው፣ መልሱ ከ171.06 ወደ 171.50 ብቻ ነው የሚሄደው። ግማሽ ካሬ እንኳ አይሞላም።

ምክንያቱ 0.12 የምትለው ትንሿ ቁጥር ናት። ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ከረጅሙ በጥቂቱ ብቻ ሲበልጡ፣ ስፋቱ በሙሉ የሚንጠለጠለው በዚያች ትርፍ ላይ ነው። የጎኑ የአምስት ሳንቲ ሜትር ስህተት ከ17 ሜትር አንጻር ምንም አይደለም፤ ከ12 ሳንቲ ሜትር አንጻር ግን ብዙ ነው። እንዲያውም መሬቱን ሳታዩ ከወረቀቱ ላይ መለየት ትችላላችሁ። ከሦስቱ ቅናሾች አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ መልሱን አትመኑት።

እዚሁ ላይ አንድ ሌላ ልማድ ይጎዳል። ተማሪዎቼ s 40.18 ሲወጣ “40.2 እንበለው” ይላሉ። ቅናሾቹ 0.14፣ 17.1 እና 23.0 ይሆናሉ፤ መልሱ ከ43.5 ወደ 47 ይዘላል። ሜትር ሳይነካ፣ መሬት ሳይረገጥ፣ ሦስት ካሬ ተኩል ተፈጠረ። የሚያጋልጠው ዘዴ አለ። ሦስቱ ቅናሾች ሲደመሩ s ራሱን መስጠት አለባቸው። 0.12፣ 17.08 እና 22.98 ሲደመሩ 40.18 ናቸው። የተጠጋጉት ግን 40.24 ይሰጣሉ፣ s ደግሞ 40.2 ተብሏል። አልገጠመም፤ አንድ ቦታ ተበላሽቷል። ይህን ድምር ሁሌም ሥሩት፣ አሥር ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። የማጠጋጋት ነገር መጨረሻ ላይ ብቻ ይምጣ።

ለቀጭን ሦስት ማዕዘን ዋናው መፍትሄ ግን ሜትሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ነው። በረጅሙ ጎን ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ ዘርጉ። የሜትሩን ዜሮ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ባለው ጥግ ላይ አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝ። ሌላው ሜትሩን ሲባጎው ላይ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ። ንባቡ እየቀነሰ ሄዶ ተመልሶ መጨመር ይጀምራል። ትንሹ ንባብ ከፍታው ነው፤ ቀጥታ ማዕዘን መፈለግ አያስፈልግም። አሁን የአምስት ሳንቲ ሜትር ስህተት ብትሠሩ የምታጡት አንድ ካሬ ብቻ ነው።

እኛ 2.25 ሜትር አገኘን። በ40.06 ተባዝቶ ሲገመስ 45.1 ካሬ ነው። ፎርሙላው 43.5 ብሎ ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት አጭሩን ጎን እንደገና፣ ሜትሩን ወጥረን፣ በሳንቲ ሜትር አነበብነው፤ 17.22 ነበር። ግንበኛው ጠዋት 17.2 ብሎ የጻፈው ሁለቷን ትቶ ነው። በ17.22 ፎርሙላው 45.3 ሰጠ። ሁለቱ መንገዶች ተቀራረቡ። ግንበኛው አጥሩ ላይ በምስማር 45 ብሎ ጫረና ሲሚንቶውን ማስላት ጀመረ።