አጥሩ ለምን የተለጠፈ መሰለ? በቤት ፎቶ ላይ ግቢ ስንጨምር የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ባለፈው ሐምሌ አንድ የሳቢያን ደንበኛ የቤቱን ፎቶ ይዞ መጣ። ቤቱ አልቋል፣ አጥር ግን የለውም። ብሎኬት ከመግዛቱ በፊት ግቢው ምን እንደሚመስል ማየት ፈለገ። 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር፣ ባለ ሁለት ተከፋች የላሜራ በር፣ ውስጡ ደግሞ ንጣፍ። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ይመጣል። መጀመሪያ የሠራሁለት ግን የሚያሳፍር ነበር። የተሳሳትኩትን ከነመፍትሄው እነሆ።

ምልክት፦ አጥሩ አንዴ ግንብ፣ አንዴ የአበባ መደብ ይመስላል

ከመንገዱ በቅርብ በኩል አጥሩ ልክ ነው። በሩቅ በኩል ግን ከቤቱ ጋር ሲተያይ ቁመቱ አይገጥምም።

መንስኤው ቁመቱን በዓይን ገምቶ መሳል ነው። ፎቶ ውስጥ ቁመት የሚለካው በካሜራው ከፍታ ነው። ሰው ቆሞ በስልክ ሲያነሳ ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ላይ ይሆናል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ 1.6 ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ ጫፉ የአድማስ መስመር ላይ ያርፋል። መሬት ከሚነካበት እስከ አድማሱ ያለው ርቀት እዚያ ቦታ ላይ 1.6 ሜትር ነው ማለት ነው። ሜትራችሁን አገኛችሁ።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ቋሚ መስመሮች አቅኑ። ስልኩ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከነበረ የቤቱ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ስሌቱም አይሠራም። ቀጥሎ አድማሱን ፈልጉ። የአንዱን ግድግዳ የመስኮት ላይኛና ታችኛ ጠርዝ በመስመር አርዝሙ። የሚገናኙበት ነጥብ አድማሱ ላይ ነው። በሌላው ግድግዳም ድገሙት። ሁለቱ ነጥቦች በአንድ አግድም መስመር ላይ ካልሆኑ ፎቶው ወደ ጎን ተጋድሟልና አስተካክሉት። አድማሱ ሁልጊዜ የፎቶው መሃል ላይ ነው ብላችሁ እንዳትገምቱ። ፎቶው ከተቆረጠ አይሆንም።

በደንበኛዬ ፎቶ አድማሱ ከላይ ሲቆጠር 1600ኛው ፒክስል ላይ ወጣ። የአጥሩ ቅርብ ማዕዘን መሬት የሚነካው 2400 ላይ ነው። ልዩነቱ 800 ፒክስል ስለሆነ አንድ ሜትር 500 ፒክስል ነው። 2.5 ሜትር ደግሞ 1250 ይሆናል። ስለዚህ የአጥሩ አናት 1150 ላይ ነው። ሩቁ ማዕዘን መሬት የሚነካው 2000 ላይ ነው። እዚያ አንድ ሜትር 250 ፒክስል ብቻ ነው፤ አናቱ 1375 ላይ ይወጣል። ሁለቱን አናት በቀጥታ መስመር አገናኙ። አለቀ።

ብሎኬቱ ካልተለሰነ ሌላ ማረጋገጫ አለ። ብሎኬት ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ነው፤ ከነሞርታሩ 21 ገደማ። 2.5 ሜትር አጥር 12 ረድፍ ይሆናል፤ አድማሱም በየትኛውም ርቀት ስምንተኛውን ረድፍ ያቋርጣል። አንዱ ጋ ስድስተኛው ላይ፣ ሌላው ጋ ዘጠነኛው ላይ ካለፈ ተሳስታችኋል።

ምልክት፦ የግቢው ንጣፍ እንደ ዳገት ወደ ላይ ቆሟል

እኔ የወደቅኩበት ይሄ ነው። ደንበኛው «ንጣፉ ይታይ» አለ። እኔም ከአጥሩ በላይ አሳየሁለት። ንጣፉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምንጣፍ መሰለ።

መንስኤው ቀላል ነው። ዓይን 1.6 ሜትር ላይ ሆኖ 2.5 ሜትር አጥር አሻግሮ መሬት ማየት አይችልም። ንጣፉን የግድ ለማሳየት ስትሉ ሌላ አድማስ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

«ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ላንሳው» የሚል ሰው አለ። ይሠራል፣ ግን አስሉት። ካሜራው 5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአጥሩ 6 ሜትር ርቆ ቢሆን፣ አጥሩ ከኋላው ያለውን 6 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ግቢው 5 ሜትር ስፋት ካለው ምንም አላተረፋችሁም። ካሜራው 7.5 ሜትር ላይ ከሆነ የሚሸፈነው 3 ሜትር ብቻ ነው።

እኔ የመረጥኩት አንዱን የበር ተከፋች ከፍቶ በዚያ በኩል ብቻ ንጣፉን ማሳየት ነው። ለደንበኛው ደግሞ ከውስጥ የተነሳ ሁለተኛ ፎቶ ላይ ግቢውን ለብቻው ሠራሁለት። የንጣፉ መስመሮች ከቤቱ ግድግዳ ጋር ትይዩ ከሆኑ ቅድም ወዳገኛችኋቸው ነጥቦች ይሄዳሉ። ፎቶሾፕ የምትጠቀሙ ከሆነ `Filter > Vanishing Point` ይረዳል። የምትዘረጉት መረብ ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ማዕዘኖቹን አንቀሳቅሱ።

ምልክት፦ ሁሉም ልክ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይረብሻል

ያረምኩትን ሥራ ሳሳይ የደንበኛው እናት አብረው ነበሩ። ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ በሐምሌ ጥላችን በዚያ በኩል ነው እንዴ የሚወድቀው?» አሉኝ። አቦ፣ ደነገጥኩ!

በሩን የወሰድኩት ከሌላ አገር ፎቶ ነበር። እዚያ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ ናት። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ገደማ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የ2.5 ሜትር አጥር የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን 1.6 ሜትር ይደርሳል።

ትንሿ ነገር ደግሞ የአጥሩ አናት ክዳን፣ ኮፒንጉ ነው። ወደ ሰሜን ከሚያይ አጥር አናት 10 ሳንቲሜትር ወጣ ካለ፣ በሐምሌ ቀትር ፊቱ ላይ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ታች ይጥላል። ይህን የዘለለ ሥዕል ከሩቅ ያስታውቃል።

ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት የማታውቁ ከሆነ የጥላውን አቅጣጫና ርዝመት ከራሱ ከፎቶው ማውጣት ይቻላል። መሬት ላይ የቆመና ጥላው ሙሉ የሚታይ አንድ ነገር ፈልጉ። እኔ የመብራት ምሰሶ አገኘሁ። ከምሰሶው ሥር በጥላው ላይ መስመር ስቡና እስከ አድማሱ አርዝሙት። ነጥቡን «ሀ» በሉት። ከምሰሶው አናት ደግሞ በጥላው ጫፍ በኩል መስመር ስቡ። ከ«ሀ» በላይና በታች ከሚያልፈው ቋሚ መስመር ጋር የሚገናኝበት «ለ» ነው። ፀሐይ ከኋላችሁ ከነበረች «ለ» ከአድማሱ በታች ይወርዳል፤ ከፊታችሁ ከነበረች በላይ ይወጣል። አሁን ከእያንዳንዱ የአጥር ማዕዘን ሥር በ«ሀ» በኩል፣ ከአናቱ ደግሞ በ«ለ» በኩል የሚያልፍ መስመር ስቡ። የሚቋረጡበት የጥላው ጫፍ ነው። መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ አይሳሳትም። ደመናማ ፎቶ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉትና የአጥሩን ሥር ብቻ በስሱ አጥቁሩ።

ምልክት፦ ጥላው ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል

ጥቁር ቀለም ስለተጠቀማችሁ ነው። ጥላ ውስጥም የሰማይ ብርሃን ይገባል፤ የእኛ አሸዋማ መሬትም ብርሃን ይመልሳል። ከቤቱ አንድ ዓይነት ልስን ላይ ፀሐይ የመታውንና የጠለለውን ቦታ በቀለም መውሰጃው ለኩ። ለምሳሌ 220 እና 120 ካገኛችሁ፣ የጠለለው 0.55 ያህሉ ነው። ፀሐይ ሲመታው 180 የሆነ አዲስ አጥር ጥላ ውስጥ 98 አካባቢ ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ አስሉ፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው የሚቀንሰው ትንሽ ነው። የጥላውንም ጠርዝ አብዝታችሁ አታደብዝዙ። በእኛ ፀሐይ የዚህ አጥር ጥላ ጠርዝ የሚደበዝዘው በሁለትና ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

አንድ የቀረኝ፦ ፎቶውን በቴሌግራም የምትቀበሉ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ተራ ፎቶ ከመጣ ቤቱ ተጨምቆ ይደበዝዛል። የእናንተ በር ደግሞ ጥርት ብሎ ብቻውን ይቀራል።