ከእሁድ እስከ እሁድ፦ ከርዳዳ ጸጉር በድሬ ሙቀት

የእህቴ ልጅ ሳቢያን ነው የምትኖረው። አንድ ቀን መጥታ "አቦ አክስቴ፣ ጸጉሬ እኮ ማደግ አቁሟል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻዋ ላይ አልደረሰም። ጸጉሯ ግን ማደጉን አላቆመም ነበር። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ገደማ ያድጋል፣ የሷም ያድጋል። ችግሩ ከስር ያደገውን ያህል ከጫፍ እየተሰበረ መርገፉ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ስራ ከመሄዷ በፊት ደረቁን ጸጉር በሚዶ፣ ያውም ከስር ጀምራ፣ ታበጥረው ነበር።

ከርዳዳ ጸጉር እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ነው። የራስ ቆዳችን የሚያወጣው ወዝ ሉጫ ጸጉር ላይ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል። በጥቅልሉ ላይ ግን መንገዱ ይጠመዘዝበትና ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እያንዳንዱ እጥፋት ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ቦታ ነው። የድሬን ደረቅ ሙቀት ጨምሩበት። ስለዚህ ለልጅቷ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ ጸጉርሽን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፍቺው፣ እሱንም እርጥብ ሆኖ።

እሁድ፦ መፍታትና ማጠብ

ጸጉሩን ስምንት ቦታ ክፈሉት። አጭር ከሆነ አራት ይበቃል። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ጠምዝዛችሁ በማስያዣ ያዙት። የምትነኩት አንዱን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ተጠምዝዘው ይጠብቃሉ።

አንዱን ክፍል ፍቱና በውሃ አርጥቡት። ከዚያ ኮንዲሽነር በደንብ ቀቡት። እዚህ ላይ አትቆጥቡ፣ ጸጉሩ በጣታችሁ መሃል ማሟለጭ አለበት። ካላሟለጨ ውሃ ጨምሩ። አብዛኛው ሰው ኮንዲሽነር ነው የሚጨምረው፣ የጎደለው ግን ብዙ ጊዜ ውሃው ነው።

አሁን በጣት ጀምሩ። ከጫፉ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ብቻ ፍቱ። እሱ ሲላቀቅ ትንሽ ከፍ በሉ። እንዲህ እያላችሁ ወደ ስር ትደርሳላችሁ። በሌላ እጃችሁ ከምትፈቱት ቦታ ከፍ ብላችሁ ጸጉሩን ጨብጡት፤ ያኔ ጉተታው እጃችሁ ላይ ይቀራል እንጂ ራስ ቆዳ አይደርስም። ማበጠሪያ የሚመጣው ከጣት በኋላ ነው፣ እሱም ጥርሱ ሰፊ የሆነው። ከስር የጀመረ ማበጠሪያ ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ታች እየገፋ ጫፉ ላይ ያከማቸዋል። ጠዋት ጠዋት "ቋ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው።

የተሳከረ ቦታ ከገጠማችሁ ወደ ታች አትሳቡት። ጠብታ ዘይት አድርጉበትና ጸጉሮቹን ከጎን ከጎን አንድ በአንድ እያወጣችሁ አላሉት። ፈትታችሁ የጨረሳችሁትን ክፍል መልሳችሁ ጠምዝዙት። ስምንቱ ሲያልቁ እኛ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስድብናል።

ስትታጠቡም እንደተጠመዘዘ ይሁን። ሻምፖው ለራስ ቆዳ ነው፣ አረፋው ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል። ስምንቱንም ፈትታችሁ አናት ላይ ሰብስባችሁ ካሻችሁት ግን የአርባ አምስት ደቂቃ ስራችሁን አፈር አበላችሁት።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። ውሃችን ከባድ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት፣ ያ ነጭ ቅርፊት ጸጉር ላይም ይቀመጣል። የልብስ ወይም የገላ ሳሙና ከዚህ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጸጉሩን የሚያሻክር ዝቃጭ ይሰራል። ስለዚህ ሻምፖ ይሻላል። መጨረሻ ላይ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በጥብጣችሁ አለቅልቁት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ። ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፣ ግን ጸጉሩ ለእጅ ሲለሰልስ ይታወቃል። ራሱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ይተወው፣ ያቃጥላል።

ውሃውን ማቆየት

ዘይት ጸጉርን አያረጥብም። ያለውን ውሃ ቶሎ እንዳይተን ነው የሚያዘገየው። ደረቅ ጸጉር ላይ ዘይት የሚቀባ ሰው ያገኘው ማብለጨለጭ ብቻ ነው። ውሃው እንዳይንጠባጠብ በአሮጌ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ ፎጣ ይቧጭረዋል። ገና እርጥብ እያለ ትንሽ ኮንዲሽነር መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ጫፉ ላይ ቀቡ፣ ከላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት። የሚታጠብና የማይታጠብ ኮንዲሽነር አለ፣ ለዚህ የማይታጠበውን ውሰዱ።

ቅቤስ? እናቶቻችን አልተሳሳቱም። ግን በድሬ ሙቀት ቅቤ እራስ ላይ አይውልም፣ ግንባርና አንገት ላይ ነው የምታገኙት። ቅዳሜ ማታ ተቀብታችሁ እሁድ ብትታጠቡት ጥሩ ነው። ግሊሰሪን ቀቡ በሚሉት ላይ ግን አልስማማም። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ጥሩ ነው፣ እንደኛ ባለ ደረቅ አየር ግን ብቻውን ከተቀባ የጸጉሩን ውሃ ወደ ውጭ ሊስብ ይችላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ላላ አድርጋችሁ ጠምዝዙት ወይም ጎንጉኑት። ላላ ስል፣ ቅንድብ የማይስብ ማለቴ ነው። ሹሩባ ተሰርታችሁ ራስ ምታት ከያዛችሁ ወይም ግንባሩ ጠርዝ ላይ ብጉር ከወጣ ያንኑ ቀን አስፈቱት። ከስር እየተሳበ የሳሳ ጸጉር ሲደጋገም ላይመለስ ይችላል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ

አትፍቱት። ማታ ማታ በሳቲን ሻሽ እሰሩት፣ ታይዋን ገበያ በሜትር ይገኛል። ነጠላም ሆነ የጥጥ ትራስ ውሃውን ይመጠዋል፣ ስንገላበጥም ይፈገፍገዋል። ረቡዕ ላይ ጫፉን ጨበጥ አድርጋችሁ እዩ። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ በመርጫ ውሃ ጫፉን ብቻ አርጥቡና አንድ ጠብታ ዘይት። ጉንጉኑ አይፈታም።

ጫፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ቋጠሮ በጣት ይሰማችኋል። አንዲት ዘለላ ጸጉር በራሷ ላይ ተቋጥራ ነው። ለመፍታት አትታገሉ፣ ከቋጠሮዋ ትንሽ ከፍ ብላችሁ በስለታም መቀስ ቁረጧት።

የወረቀቱ ቆጠራ

የመጀመሪያው እሁድ ከአንዱ ክፍል የወጣውን ጸጉር ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተን ቆጠርን። ሠላሳ አንድ ነበር። ዘጠኙ ረጃጅም ሆነው በስር በኩል ባለው ጫፋቸው ላይ ነጭ ነጥብ አላቸው። እነዚህ ጊዜያቸው ደርሶ የረገፉ ናቸው፤ ነጥቧ ሥሩ አይደለችም፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ሃያ ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ ነጥብም የላቸውም። የተሰበሩት እነሱ ናቸው።

በስድስተኛው ሳምንት የወጣው ጸጉር ጭራሽ በዝቶ ስታየው ደነገጠች። "አክስቴ፣ ባሰብኝ እኮ!" ቆጠርን፣ ሃምሳ ሁለት። አርባ አምስቱ ግን ነጥብ ያላቸው ነበሩ፣ የተሰበሩት ሰባት። መብዛቱ አያስገርምም። ሰው በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ጸጉር ይረግፍበታል፤ ድሮ በየጠዋቱ በሚዶ ይወጣ የነበረው አሁን ሳምንት ሙሉ ጉንጉኑ ውስጥ ቆይቶ እሁድ አንድ ላይ ይወጣል። ነጥብ ያላቸው ለሳምንታት ከዚያ በጣም ከበዙ፣ ወይም ራስ ላይ የሳንቲም ያህል መላጣ ቦታ ከታየ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው። አጫጭሮቹ እንደገና ከበዙ ግን መጀመሪያ የምጠይቃት ረቡዕ ምን ስታደርግ እንደነበር ነው።