የኢሜይል ጋዜጣችሁ ሊንክ ለምን ይረዝማል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለደንበኛ የኢሜይል ጋዜጣ የምትልኩ፣ ይቺን ልብ በሉ። የመላኪያው አገልግሎት ማን ሊንኩን እንደነካ ለመቁጠር አድራሻችሁን በራሱ አድራሻ ይተካዋል፤ አንባቢው ሲነካው መጀመሪያ እነሱ ጋ ደርሶ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ገጽ ይዞራል። ያ ረጅም የፊደል ድርድር ብዙውን ጊዜ የተቀባዩና የሊንኩ መለያ ነው።

ችግሩ፣ ያንን የአገልግሎቱን አድራሻ ሌሎች ላኪዎችም ይጋሩታል። አንድ አጭበርባሪ ስሙን ካበላሸው የእናንተም መልእክት ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይባስ ብሎ ጽሑፉ ላይ `www.gabi.example` ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የሚታየውና ከስሩ ያለው አድራሻ ስለማይገጥሙ ማጣሪያው ማጭበርበር ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ለራሳችሁ ልካችሁ ማውሱን ሊንኩ ላይ ብታሳርፉ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ስለዚህ «የጋቢ ዋጋ እዚህ እዩ» ብላችሁ በቃላት ጻፉት። የራሳችሁ ዶሜን ካላችሁ ደግሞ፣ እኔ በጣም የምመክረው ይሄንን ነው፣ `link.gabi.example` የመሰለ ንዑስ ዶሜን፣ አንዱን ስም ወደ ሌላው በሚያመለክተው `CNAME` በሚባል የዶሜን መዝገብ ወደ አገልግሎቱ አዙሩ፤ ሊንኩ በእናንተ ስም ይሄዳል።