ዘግይቶ የመጣ ትኩስ ምግብ፦ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከበር ሳይሆን ከምድጃ ነው

ባለፈው ዓመት ሩዝ በአትክልት አዝዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ መጣ። ለብ ብሏል። ግማሹን በላሁ፣ የቀረውን ከነክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ማታ መጥበሻ ላይ ዘይት አድርጌ እስኪንጣጣ ጠበስኩትና በላሁት። ሽታውም ጣዕሙም ምንም አላለኝም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ማስታወክ ጀመረኝ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከመታጠቢያ ቤት አልወጣሁም። ምርመራ ስላላደረግሁ ሩዙ ነው ብዬ አልምልም። ግን ሲያነቡት ከሩዝ መመረዝ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አካሄድ ይኸውና።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ

ደንቡ አጭር ነው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በድምሩ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሰዓት ይሠራል። በሞቃት ወራት ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ግን አንድ ሰዓቱን ያዙ።

ሁላችንም የምንሳሳተው ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ አይደለም። ምግቡ ከእሳት ወርዶ ዕቃ ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ነው። ሞተረኛው ጀርባ ላይ ያለው ሳጥን ምድጃ አይደለም፤ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይሄድ ያዘገየዋል እንጂ አያሞቀውም። ለብ ብሎ መቆየት ደግሞ ለባክቴሪያ ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይመቸዋል።

አንድ ቀን እንውሰድ። ዐቢይ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም እህቴ ቤት ነኝ። ከቀኑ 6:30 ሽሮ፣ እንጀራና ሩዝ በአትክልት አዘዝን፣ ሲደርስ 8:05 ሆኗል። ምግብ ቤቱ ደውዬ «ምግቡ ከወጥ ቤት የወጣው ስንት ሰዓት ነው?» ስል 6:50 አሉኝ፣ ሞተረኛ እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ሁለት ሰዓቱ የሚሞላው 8:50 ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው፣ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ» ማለት አይቻልም፤ በእጃችን ያለው 45 ደቂቃ ነው። ሽሮውን ወዲያው ድስት ውስጥ ገልብጠን እስኪፍለቀለቅ አሞቅነው፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሰን እስከ ዘጠኝ እንፋሎቱ ሳይቋረጥ አቆየነው። ሩዙን ትሪ ላይ ዘርግተን ፍሪጅ አስገባነው። እንጀራው ኮምጣጣ ስለሆነ አያስቸግርም፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መተው ነው።

ምግብ ቤቱ ሰዓቱን ካልነገራችሁ ትእዛዙን ከተቀበሉበት ደቂቃ ቁጠሩ። ትንሽ ያጠብቅባችኋል፣ ግን ስሕተቱ ወደ ደኅናው በኩል ነው።

የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከዚህ ግምት ሁሉ ይገላገላል። ባለ መርፌውን ምግቡ መሐል ድረስ ስደዱት፤ ከ60 በላይ ካሳየ ምግቡ ገና ትኩስ ነው፣ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። ሙቀት መለኪያ ከሌለ ግን ዕቃውን ከውጭ በመዳሰስ አትፍረዱ። ወፍራም ሽሮ ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ ይሞቃል፣ ሩዝ ደግሞ ላዩ ሞቆ ሥሩ ለብ ሊል ይችላል። ሽታም አይረዳም፤ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች የምግቡን ሽታ ሳይለውጡ ነው የሚመርዙት።

«አሞቀዋለሁ» የሚለው ለምን አያድንም

የእኔ መጥበሻ ያልሠራበት ምክንያት ይህ ነው። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘር የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ይሠራል፣ ሩዙ ሲቀቀልም አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃና ይራባል፣ ሲራባም መርዝ ይተፋል። ማሞቅ ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል፤ መርዙ ግን በመጥበሻ እሳት አይጠፋም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያለፈውን ምግብ ማፍላት ሰዓቱን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ሥጋ ያለበት ወጥም፣ በተለይ ብዙ ሆኖ በትልቅ ዕቃ የመጣ፣ በሌላ ባክቴሪያ የራሱ አደጋ አለው፤ የጥልቅ ወጥ መሐል ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያልና።

ሰዓቱ ካለፈ ይጣል። የከፈልኩት ገንዘብ ያንገበግበኛል፣ ግን ያችን ሌሊት አስታውሼ እጥለዋለሁ።

ሰዓቱ ካላለፈ

ከመብላታችሁ በፊት የሚተርፈውን ቀንሱ። ከትሪ ላይ የተረፈ፣ ጉርሻ ሲገባበትና ሲወጣበት የዋለ ፍርፋሪ አይቀመጥም፤ ከእጅ የሚመጣ ባክቴሪያም እሳት የማያጠፋው መርዝ አለው።

የቀነሳችሁትን ከመጣበት ዕቃ አውጡ። ያ ወፍራም ነጭ የፎም ዕቃ ሙቀት እንዲይዝ የተሠራ ነው፣ አሁን የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ሳህን ላይ ከሦስት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉት፣ ያም ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣ 15 ደቂቃ ያህል ተዉትና ወደ ፍሪጅ። ሩዝ ከሆነ ከዚያም ፈጠን በሉ።

እናቴ ዛሬም «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል» ትላለች። የሚፈላ ትልቅ ድስት ብትከቱ እውነቷን ነው፣ ጎረቤቱን ምግብ ሁሉ ያሞቃል። በሳህን የተዘረጋ ምግብ ግን የዘመኑን ፍሪጅ ምንም አያደርገውም። «እስኪቀዘቅዝ» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚተወው ነው ሌሊቱን የሚያድረው።

ሩዙ በማግስቱ ይበላ፣ ወጥና ሽሮ እስከ ሦስት ቀን። ስታሞቁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምትበሉትን ያህል ብቻ፣ መሐሉም እንፋሎት እስኪያወጣ ነው፤ በቴርሞሜትር 74 ዲግሪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ውሃን በ92 ዲግሪ ገደማ ቢያፈላውም ለዚህ በቂ ነው። ማይክሮዌቭን ግን አላምነውም፤ ዳሩን አቃጥሎ መሐሉን ቀዝቃዛ ይተወዋል። ከተጠቀማችሁ መሐል ላይ አቁማችሁ አማስሉት።

ክትፎ ለብቻው ነው። ጥሬ ወይም ለብለብ ሆኖ ዘግይቶ ከመጣ ለነገ ብዬ አላስቀምጥም፣ ለብለቡንም እንደበሰለ አልቆጥረውም። ሁለት ሰዓቱ ሳይሞላ ከደረሰ ቅቤውን እንደያዘ መጥበሻ ላይ አድርጌ ቅላቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አበስለዋለሁ። ክትፎነቱ ይቀራል፣ ጥብስ ነገር ይሆናል፤ በአይብና በጎመን ግን ይበላል።