«ኤል አጉዋ»ን ከቅጽሉ ጋር ስይዘው ስህተቱ ቀረ

በስፓኒሽ «ቀዝቃዛ ውሃ» ለማለት «ኤል አጉዋ ፍሪዮ» እያልኩ ደጋግሜ ተሳስቻለሁ። ከተባዕታይ ስም ፊት የሚመጣውን «ኤል» ስላየሁ ቃሉን ተባዕታይ አደረግኩት። አጉዋ ግን አንስታይ ናት። የድምፅ ጫናው የመጀመሪያው «አ» ላይ ስላረፈ ብቻ የአንስታዩ «ላ» በ«ኤል» ይተካል። ይህም ቃሉን ሲጎራበት ነው፤ መሃል ቅጽል ከገባ «ላ ሚስማ አጉዋ» (ያው ውሃ)፣ ሲበዛም «ላስ አጉዋስ» ይባላል። «አሚጋ» (ሴት ጓደኛ) ላይ ጫናው «ሚ» ላይ ስለሆነ «ላ አሚጋ» እንዳለ ይቀራል።

ቃሉን ለብቻው መሸምደድ ተውኩና በካርድ ላይ ከቅጽል ጋር ጻፍኩት፦ «ኤል አጉዋ ፍሪያ»፣ «ላ ማኖ ዴሬቻ» (ቀኝ እጅ)፣ «ኤል ማፓ ኑዌቦ» (አዲስ ካርታ)። ጾታውን የሚያጋልጠው የቅጽሉ መጨረሻ ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው አሁን «ፍሪዮ» ጆሮዬን ይቆረቁረዋል።