ቋንጣ በክረምት ለምን ይሻግታል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሐዋሳ ውስጥ በጥር የተሰቀለ ቋንጣ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። በሐምሌ የተሰቀለው ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል። ሥጋው፣ ጨዉ፣ የባለሙያዋም እጅ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ቋንጣ የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው።

ምልክት፦ በተቀመጠበት ዕቃ ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ወጣበት

መጀመሪያ ሻጋታ መሆኑን አረጋግጡ። ነጩ ነገር ጨው ሊሆን ይችላል፤ ሥጋው ሲደርቅ ጨዉ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠጥራል። በረጠበ ጣት ስትነኩት ሟሙቶ ከጠፋ ጨው ነው፤ ችግር የለውም። ጸጉር ያለው፣ የሚቦን ወይም የምድር ቤት ሽታ የሚሸት ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። የሻገተውን ጠርጎ መብላት አይበጅም፤ ሻጋታው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ አንዳንዱም መርዝ ይተዋል። ያንን ጣሉት።

ምክንያቱ በሥጋው ውስጥ ለሻጋታ የሚበቃ ውሃ መቅረቱ ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ የውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ምን ያህሉ ነጻ ሆኖ ለተሕዋስያን እንደሚቀርብ ነው። የምግብ ባለሙያዎች ይህንን ወተር አክቲቪቲ ብለው ከ0 እስከ 1 ባለው መጠን ይለኩታል። ጥሬ ሥጋ 0.99 ገደማ ነው። ሥጋን የሚያበላሹት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች አይራቡም። ጨው የሚችለውና መርዝ የሚያመነጨው ስታፊሎኮከስ ግን እስከ 0.86 ድረስ፣ ምቹ ሁኔታ ካገኘም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይራባል። የእርሱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ተራ ሻጋታዎች እስከ 0.75 አካባቢ ይችላሉ፤ ከ0.60 በታች ምንም አይራባም።

ጨው የሚሠራው ውሃውን ይዞ በማስቀረት ነው፤ ማድረቅ ደግሞ ውሃውን ያስወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ እንየው። ከአንዱ ኪሎ 750 ግራም ያህሉ ውሃ፣ 250 ግራም ያህሉ ሌላው ነው። 30 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ እንጨምርበት። መጀመሪያ ላይ ጨዉ በብዙ ውሃ ውስጥ ስለሚበተን ልኬቱን ወደ 0.98 ገደማ ብቻ ያወርደዋል። ሥጋው ደርቆ 500 ግራም ሲሆን ውስጡ ገና 220 ግራም ውሃ አለ፤ የጨዉን ድርሻ ብቻ ብንቆጥር ልኬቱ 0.92 ገደማ ነው። ብዙ ሰው ደረቀ ብሎ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው፤ ላዩ ሲነካ ጠንካራ ነውና። 350 ግራም ሲደርስ ግን የቀረው ውሃ 70 ግራም ብቻ ስለሆነ ያንን ሁሉ ጨው ማሟሟት ያቅተዋል። ጨው የጠገበ ውሃ ልኬቱ 0.75 ነው። ስለዚህ ሥጋውን ከመስቀላችሁ በፊት መዝኑት፤ ከመጀመሪያው ክብደት ከሦስት እጅ አንድ እጅ አካባቢ እስኪቀር አታውርዱት። በርበሬ ካለበት የበርበሬውን ክብደት ለብቻው ቀንሱ። በእጅ ዳስሶ መፍረድ በበጋ ያስኬድ ይሆናል፤ በክረምት ግን ሚዛን የግድ ነው።

ከሚዛን በላይ የሚያስተማምን ፍተሻም አለ። ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ከቋንጣው ጋር ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ የሚያሳየው ቁጥር ለ100 ሲካፈል የሥጋው ልኬት ነው። 65 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አስቀምጡት፤ ከ70 በላይ ከሆነ ወደ ገመዱ መልሱት። መለኪያው እውነት መናገሩን ለማወቅ ትንሽ የረጠበ ጨው በክዳን ከእርሱ ጋር ዘግታችሁ አሳድሩ፤ 75 ማሳየት አለበት። ጨዉ ግን መለኪያውን እንዳይነካው።

ይኸው ፍተሻ የሐዋሳን ክረምት ችግርም ያስረዳል። ሥጋ ከከበበው አየር በታች አይደርቅም። የአየሩ እርጥበት ቀንና ሌሊት 80 በመቶ ከሆነ ቋንጣው ወር ቢሰቀል እንኳ ከ0.80 አይወርድም፤ በደንብ የደረቀውም ክፍት ቢቀመጥ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። መፍትሄው አየሩን ማሞቅ ነው። 20 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 45 በመቶ ገደማ ይሆናል። እናቶቻችን ቋንጣን ከምድጃ በላይ የሚሰቅሉት ትክክል ነው፤ ጭሱም ላዩን ያግዛል። ምድጃ ከሌለ በዝናብ ቀን ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰቅላችሁ ማሞቂያና ማራገቢያ አብሩ፤ እርጥቡ አየር የሚወጣበት ትንሽ መስኮት ግን ክፈቱ። የደረቀውን ወዲያው በሚገጥም ዕቃ ዝጉት።

ምልክት፦ ላዩ እንጨት ሆኗል፣ ሲሰበር ውስጡ ለስላሳና የሚሸት ነው

ወፍራም የተዘለዘለ ሥጋ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ላዩ ፈጥኖ ይደርቅና የውስጡን ውሃ ይዘጋበታል። ባክቴሪያው ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ከሸተተ አይድንም፤ ይጣል። ለሚቀጥለው ጊዜ ከትንሿ ጣት ውፍረት ባነሰ፣ እኩል አድርጋችሁ ዘልዝሉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ነፋስ ባለበት ጥላ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ አድርጉት። ሳይሸት ካገኛችሁት ግን አንድ ሌሊት በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ የውስጡ ውሃ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ይሰቀላል።

ምልክት፦ በተሰቀለ በማግስቱ ሙልጭ ሙልጭ የሚል ልጋግ ያዘ

እዚህ ባክቴሪያው ማድረቁን ቀድሞታል። የያዘውን ጣሉ፤ ከዚያ ሥጋውን ከወዴት እንዳመጣችሁ አስቡ። ከመታረዱ በፊት በመንገድ የደከመና የተንገላታ በሬ በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ ከእርድ በኋላ ሥጋውን የሚያኮመጥጠው አሲድ ከዚያ ስኳር ነው የሚገኘው። አሲድ ሲበዛ ፒኤች የሚባለው ልኬት ይወርዳል፤ ደህና ሥጋ ፒኤቹ 5.5 አካባቢ ሲወርድ የዚህኛው ከ6 በላይ ይቀራል፤ መልኩ ጠቆር፣ ሲነካ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነው። ሥጋ ቤት ይህን ካያችሁ ለቋንጣ አትግዙት። ሎሚ መጭመቅ የላዩን አሲድ ይጨምራል፤ ውስጡ ግን ስለማይደርስ ጨውንና ማድረቅን አይተካም።

ሥጋው ደህና ሆኖ ቀኑ ዝናብ ከሆነ አትቸኩሉ። ጨውና በርበሬውን አሽታችሁ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ፍሪጅ አሳድሩት። ቅዝቃዜው ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ያዘገየዋል፣ ጨዉም እስከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን ይህ ዋስትና የለም፤ ሥጋው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቀቅላችሁ ብሉት፤ ሞቆ ከቆየ ግን ጣሉት።

ምልክት፦ ሻጋታ የለውም፣ ግን የቆየ ዘይት ይሸታል

ይህ የተሕዋስያን ሥራ አይደለም፤ ጮማው ከአየር ጋር ተዋህዶ መጉረናቱ ነው። ማድረቅም ጨውም አያስቆመውም። ከመዘልዘላችሁ በፊት ጮማውን ለይታችሁ አውጡ፤ የደረቀውን በጨለማ አስቀምጡ፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን በትንንሽ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ከረጢት ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አትክፈቱት፤ አለበለዚያ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ሥጋ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ያደረቃችሁትን መልሶ ያረጥበዋል።